የኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ በቨርጂኒያ የማስተማር ፈቃድ ማውጣት፦ ከሬጅስትራር እስከ ኢንዶርስመንት

አገር ቤት ለዓመታት ያስተማረ ሰው ቨርጂኒያ ላይ ማመልከቻው ሲመለስበት የመጀመሪያ ጥርጣሬው "ዲግሪዬን አልተቀበሉትም" ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዲግሪውን በቅጡ ያየው ሰው የለም። የተሳሳተ ዓይነት ግምገማ ገዝቷል፣ ወይ ስቱደንት ኮፒ ልኳል፣ ወይ ቀጣሪ ትምህርት ቤት ሳይኖረው ቀጣሪ የሚጠይቅ ፈቃድ አመልክቷል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ሰው ነው።

ምሳሌያችን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ የምታስተምሩም መንገዱ ያው ነው፤ የሚለያየው የኮርሱ ዝርዝርና የፈተናው ቁጥር ነው። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት የዚያኛውን ወገን መስፈርት ለብቻው አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሁለት ነገሮችን ለዩ

ፈቃዱ "ይህ ሰው መምህር መሆን ይችላል" ይላል። ኢንዶርስመንቱ ደግሞ "ይህንን ትምህርት፣ በእነዚህ ክፍሎች ማስተማር ይችላል" ይላል። ኢንዶርስመንት የሌለው ፈቃድ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ዲግሪዬ ይታወቃል ወይ?" ብቻ መሆን የለበትም። "ትራንስክሪፕቴ ላይ ያሉት ኮርሶች የትኛውን ኢንዶርስመንት ይሞላሉ?" ብላችሁም ጠይቁ።

ለሒሳብ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቨርጂኒያ ከሁለት አንዱን ትቀበላለች፦ በሒሳብ ሜጀር ያለው ዲግሪ፣ ወይም 36 ሴሚስተር አወር የሒሳብ ኮርስ። 36ቱ ዝም ብሎ ድምር አይደለም። አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ ኮምፒዩተር ሳይንስና ካልኩለስ በየራሳቸው መወከል አለባቸው። ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ቁጥሩ 32 ነው።

አሁን ስቱደንት ኮፒያችሁን አውጡና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የትኛው ኮርስ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ጻፉ። ባዶ የቀረውን ሳጥን ዛሬ ማወቅ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ከሬጅስትራር ትክክለኛውን ወረቀት አውጡ

ጊዜ የሚበላው ይህ ደረጃ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይጀመር።

1. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጠይቁ። እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ለራሳችሁ ማመሳከሪያ ነው። ገምጋሚ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የተላከ፣ ፖስታው ታሽጎ ማኅተሙ መዝጊያው ላይ ያረፈ ወረቀት ነው። ያንን ፖስታ ከፍታችሁ "ልየው" አትበሉ። የተከፈተ ፖስታ ዋጋ የለውም።

2. ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. ከወሰዳችሁ የእሱንም ትራንስክሪፕት ለብቻው ጠይቁ፤ በተለይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ። ብዙዎች "ዲፕሎማ ነው፣ ምን ያደርጋል?" ብለው ይተዉታል። ትልቅ ስህተት ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

3. የወጪ መጋራት ጉዳያችሁን ዝጉ። ያልተዘጋ ከሆነ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ሊያዝባችሁ ይችላል። ዕዳውን በማስተማር አገልግሎት የምትወጡ ከነበራችሁ፣ ያገለገላችሁበት ወረዳ ወይም ዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት ማረጋገጫ ይጽፍላችኋል። ያንን ይዛችሁ ክሊራንስ አስጨርሱ።

4. አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ የምትጀምሩ ከሆነ ለዘመድ ውክልና ላኩ። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ ያረጋግጠዋል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያደርግበታል። ውክልናው ላይ "ከዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት የመጠየቅ፣ የመክፈልና የማስላክ" የሚል በግልጽ ይጻፍ። "ጉዳዬን እንዲከታተልልኝ" ብቻ የሚል ውክልና ሬጅስትራር ቢሮ ላይ ይመለሳል።

5. የሥራ ልምድ ደብዳቤ አውጡ። በእንግሊዝኛ ይሁን። የትምህርት ዓይነቱ፣ የክፍል ደረጃው፣ የሙሉ ጊዜ መሆኑና ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍበት። "በታማኝነት አገልግለዋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር አይጎዳም፣ ግን እዚህ ማንም አያነበውም።

ስምና ዓመት ላይ ተጠንቀቁ። ዲግሪው ላይ Tesfaye፣ ፓስፖርቱ ላይ Tesfay ከሆነ አንዱ ቢሮ ሁለት ሰው ናችሁ ብሎ ያቆማችኋል። አሜሪካ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲመዘገብ፣ በአባት ስም ብቻ የወጣ የቆየ ወረቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዩኒቨርሲቲው ማስተካከል ካልቻለ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ኖተሪ ፊት ፈርሙና ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አያይዙ። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። 2008 ብቻ ተብሎ የተጻፈ ምርቃት እዚህ ሲነበብ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሬጅስትራሩ በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲጽፍ፣ ካልሆነ E.C. የሚለውን እንዲያክል ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ኮርስ በኮርስ አስገምግሙ

ቨርጂኒያ የውጭ አገር ትራንስክሪፕትን ራሷ አትተረጉምም። የምትቀበላቸው ገምጋሚ ድርጅቶች ዝርዝር በግዛቲቱ ትምህርት መምሪያ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት የመረጣችሁት ድርጅት እዚያ መኖሩን እዩ። ጓደኛችሁ ለነርሲንግ የተጠቀመበት ድርጅት ለመምህርነት ላይሆን ይችላል።

ማመልከቻው ላይ የአገልግሎት ዓይነት ምረጡ ሲላችሁ Course-by-Course የሚለውን ያዙ። ርካሹ Document-by-Document ነው፤ "ባችለር አለው" ብሎ ያቆማል። ለቢሮ ሥራ ይበቃል፣ ለኢንዶርስመንት ግን ምንም አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ኮርስ ስንት ሴሚስተር አወር እንደሆነ አይናገርም። ኮርስ በኮርሱ ከ150 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ያስወጣል። ሁለት ጊዜ ላለመክፈል መጀመሪያውኑ እሱን ግዙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ።

*አንደኛ፦ የሦስት ዓመት ዲግሪ።* የመሰናዶ ትምህርት ከመጣ በኋላ ለዓመታት የአገራችን የሳይንስ ባችለር ሦስት ዓመት ነበር። አንዳንድ ገምጋሚ ይህንን ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ያደርገዋል። ሌላው "የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት" ብሎ ይተወዋል። ያኔ በሩ ይዘጋል፤ ለፈቃዱ ባችለር ግዴታ ነውና። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለሁለት ወይም ሦስት ድርጅቶች ኢሜይል ጻፉ። "ከኢትዮጵያ የሦስት ዓመት ባችለርና ከዚያ በኋላ የተወሰደ የአንድ ዓመት ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. አለኝ፤ ሁለቱን አብራችሁ ስታዩ ምን ትሰጡታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፒ.ጂ.ዲ.ቲ.ውን አትተዉ ያልኩት ለዚህ ነው። ሦስቱ ዓመት ላይ አራተኛ ዓመት ሆኖ ሊደመር ይችላል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

*ሁለተኛ፦ ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ.።* በሞጁላር ሥርዓት የተማራችሁ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የሚሉ ኮርሶች ታያላችሁ። አገር ቤት 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የ3 ክሬዲት አወር ኮርስ ነው። ገምጋሚው ግን የአውሮፓን ልማድ ይዞ ለሁለት ሊያካፍለው ይችላል፤ ያኔ 2.5 ይሆናል። በአንድ ኮርስ ግማሽ ክሬዲት ብቻ ስለሚጎድል ዓይን ውስጥ አይገባም። ሲደመር ግን ይጎዳል።

መከላከያው ቀላል ነው። ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቱ ላይ ወይም በተያያዘ ደብዳቤ ሁለቱንም ቁጥር እንዲጽፍ አድርጉ፦ ይህን ያህል ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ.፣ ይህን ያህል ክሬዲት አወር።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር

አንድ መምህር እናስብ። በ2006 ገብቶ በ2008 ዓ.ም. በሒሳብ ተመርቋል፤ በፈረንጅ 2016 ማለት ነው። በ2009 ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. ወስዷል። ከዚያ 9ኛና 10ኛ ክፍል አስተምሮ በዲቪ አሌክሳንድሪያ ገባ።

ትራንስክሪፕቱ ላይ 12 የሒሳብ ኮርሶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ.። ገምጋሚው ለሁለት አካፈለና 30 ሴሚስተር አወር አወጣለት። 36 ሞልቶ ሊገኝ የሚገባው ሰው ስድስት ጎደለው። ይህ ማለት በኮሌጅ ሁለት ኮርስ ከኪሱ ከፍሎ መማር ማለት ነው፤ ያውም አንዴ የተማረውን።

ምን አደረገ? ከዲፓርትመንቱ ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው እያንዳንዱ ኮርስ 3 ክሬዲት አወር መሆኑንና በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍል እንደነበረው ይገልጻል። ያንን ለገምጋሚው ልኮ ድጋሚ እንዲታይለት ጠየቀ። 12ቱ በ3 ሲባዙ 36 ሞሉ።

ቀጥሎ ሳጥኖቹ። ካልኩለስ ሞልቷል። ሊኒየር አልጀብራና ሞደርን አልጀብራ አልጀብራን ሞሉ። "ፈንዳሜንታል ኮንሴፕትስ ኦቭ ጂኦሜትሪ" ጂኦሜትሪን ሞላ። "ኮምቢናቶሪክስ ኤንድ ግራፍ ቲዎሪ" የሚለው ኮርስ ግን ስሙ ውስጥ ዲስክሪት የሚል ቃል ስለሌለው አልታየለትም። የኮርሱን ዝርዝር ይዘት ሲያያይዝ ገባለት። ልብ በሉ፤ እዚህ አገር ፋይሉን የሚያየው ሰው የሒሳብ ሰው ላይሆን ይችላል። የሚያነበው ርዕሱን ነው። ርዕሱ የማይናገረውን እናንተ በሲለበስ ተናገሩ።

ገምጋሚው "ሜጀር፦ ሒሳብ" ብሎ በግልጽ ከጻፈም ሁለተኛው መንገድ ስላለ የ36ቱ ሸክም ይቀላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ፦ የዲግሪው እኩያ፣ ሜጀሩ፣ የሴሚስተር አወሩ ድምር። ስህተት ካለ ወዲያው ጻፉ። ለመምሪያው ከገባ በኋላ ማስተካከል ሁለት ቢሮ ያመላልሳል።

ደረጃ 3፦ ፕራክሲስን በትክክለኛው ቁጥር ተፈተኑ

ፕራክሲስ መምህሩ የሚያስተምረውን ትምህርት ማወቁን የሚለካ የፈቃድ ፈተና ነው። ለሒሳብ የሚፈለገው Mathematics (5165) ነው። የድሮ መጽሐፍ 5161 ይላል፤ እሱ በ5165 ተተክቷል። ፊዚክስ 5266፣ ኬሚስትሪ 5246፣ ባዮሎጂ 5236 ናቸው። ከመክፈላችሁ በፊት በፕራክሲስ ድረ ገጽ ላይ ቨርጂኒያን መርጣችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ። ለሒሳቡ የቨርጂኒያ ማለፊያ 159 ነው።

ፈተናው 66 ጥያቄ በ180 ደቂቃ ነው። ለእኛ ሰው ከሒሳቡ ይልቅ የእንግሊዝኛው ንባብ ሰዓት ይበላል። ለዚህ ብዙ ሰው የማያውቀው መፍትሔ አለ፦ የመጀመሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ላልሆነ ተፈታኝ 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል። ማለትም 180ው 270 ይሆናል። በድረ ገጹ ላይ PLNE በሚል ምሕጻር ፈልጉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ምዝገባ። አስቀድማችሁ ቀን ከያዛችሁ በኋላ ሰዓት ጨምሩልኝ ማለት ጣጣ ነው።

ስትመዘገቡ ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። በሩ ላይ የሚመለሱ አሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም። ውጤት ተቀባይ ሲላችሁ የቨርጂኒያን ትምህርት መምሪያ ምረጡ። በምዝገባ ጊዜ እስከ አራት ተቀባይ በነፃ ነው፤ ኋላ ስትጨምሩ ይከፈልበታል።

ለዝግጅት አንድ ምክር። ካልኩለስ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ታውቁታላችሁ። ኢንች፣ ጋሎንና ማይል ያለባቸውን ጥያቄዎች፣ የስታቲስቲክስ ግራፍ ማንበብንና ስክሪኑ ላይ ያለውን ግራፊንግ ካልኩሌተር ተለማመዱ። አገር ቤት በእጅ ስንሠራ ስለኖርን ካልኩሌተሩ ራሱ ሊያደናግር ይችላል።

ከወደቃችሁ፦ 28 ቀን ጠብቃችሁ ትደግማላችሁ። የውጤት ወረቀቱ በየክፍሉ ስንት እንዳገኛችሁ ይነግራችኋል። ዝቅ ያለውን ክፍል ብቻ አጥኑ።

ደረጃ 4፦ የጎደለውን የፔዳጎጂ ኮርስ ለዩ

ከሒሳቡ ሌላ ቨርጂኒያ የመምህርነት ሙያ ኮርሶችን ትጠይቃለች፦ የልጆች እድገትና ትምህርት፣ ካሪኩለምና የማስተማር ዘዴ፣ ምዘና፣ የትምህርት መሠረቶች፣ የክፍል አያያዝ፣ በትምህርት ዓይነት ውስጥ ንባብ ማስተማር። እያንዳንዳቸው 3 ሴሚስተር አወር ናቸው።

ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. ያለው ሰው ከእነዚህ በርከት ያሉትን ይዞ ይመጣል። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው፤ አገር ቤት የሒሳብ መምህር ንባብ አስተምር ተብሎ አያውቅምና። እሱን በኦንላይን በአንድ ሴሚስተር መጨረስ ይቻላል። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ኮርሱን ቨርጂኒያ እንደምትቀበለው ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ያዙ።

ከኮርሶቹ ሌላ የሚጠየቀውን የማስተማር ልምምድ በተመለከተ፣ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ማስተማር ሊተካው የሚችልበት መንገድ አለ። የአገር ቤቱ ልምድ ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው መምሪያው ነው። ስለዚህ የልምድ ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አስገቡ። ባይቆጠርም እዚሁ በጊዜያዊው ፈቃድ የምታስተምሩት ዓመት ይጠቅማችኋል። ደብዳቤውን ለቀጣሪውም ስጡ፤ የደመወዝ እርከን ሲመደብ ይጠየቃል።

ደረጃ 5፦ ሥራ ፈልጉ፣ ከዚያ ጊዜያዊ ፈቃድ

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው እዚህ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ሥራ ብሎ ያስባል። ፔዳጎጂው ገና ያልተሟላለት ሰው የሚያገኘው ጊዜያዊ ወይም ፕሮቪዥናል ፈቃድ ግን ቀጣሪ ይፈልጋል። የሚጠይቅላችሁ የቀጠራችሁ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ገምጋሚው የሰጣችሁን ሪፖርትና የፕራክሲስ ውጤት ይዛችሁ ለካውንቲው አመልክቱ። "ለሒሳብ ፕሮቪዥናል ፈቃድ ብቁ ነኝ፤ የቀረኝ ይህ አንድ ኮርስ ነው" በሉ። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህንን ቋንቋ ያውቀዋል። ሒሳብ ብዙውን ጊዜ የመምህር እጥረት ካለባቸው ትምህርቶች ስለሆነ ጆሮ ታገኛላችሁ።

ፈቃዱ የሦስት ዓመት ነው። እንደ ቀላል አትዩት፤ ኮርሶቹንም የቀረውንም በዚያ ጊዜ ጨርሳችሁ የሚታደሰውን የአሥር ዓመት ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። የቀረውን ኮርስ በመጀመሪያው ዓመት ውሰዱት።

አብረው የሚጠየቁ ትናንሽ ነገሮች አሉ፦ የሕፃናት ጥቃት መለየት ሥልጠናና የዲስሌክሲያ ሥልጠና በኦንላይን ይወሰዳሉ። ሲፒአርና ኤኢዲ ግን በአካል የሚለማመዱበት መሆን አለበት። በቪዲዮ ብቻ የሚሰጥ ርካሽ ሰርተፊኬት ገዝተው የተመለሱ ሰዎች አሉ። የጣት አሻራ ቀጣሪው ያስነሳችኋል።

ሥራው ከዘገየ፦ ኢንስትራክሽናል አሲስታንት ወይም ተተኪ መምህር ሆናችሁ ግቡ። የትምህርት ቤቱን ልማድ ትማራላችሁ፤ ርዕሰ መምህሩም ያውቃችኋል። ነገር ግን ግምገማውን አታቁሙ። እዚያ ቦታ ላይ ተመቻችተው ፋይላቸውን መሳቢያ ውስጥ የረሱ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛ ኢንዶርስመንት መጨመር

ፈቃድ አንዴ ከተያዘ በኋላ ሌላ ትምህርት መጨመር ይቀላል። ለብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች የዚያን ትምህርት ፕራክሲስ ማለፍ ብቻ ይበቃል፤ ኮርስ አይቆጠርም። የሒሳብ መምህሩ 5266ን አልፎ ፊዚክስ ሊጨምር ይችላል። የመጀመሪያ ደረጃና ስፔሻል ኤዱኬሽን ግን በፈተና ብቻ አይጨመሩም።

የፊዚክስ መምህር ሆናችሁ 36 የሒሳብ ክሬዲት ከሌላችሁ፣ በ24 ሴሚስተር አወር የሚሰጥ አልጀብራ 1 የሚባል ተጨማሪ ኢንዶርስመንት አለ። የፊዚክስ ዲግሪ ውስጥ ያሉትን የሒሳብ ኮርሶች ቁጠሩ፤ ለ24ቱ የሚቀርባችሁ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ማመልከቻው ከተመለሰ

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የጎደለው በስም ተጽፏል። ለዚያ ለተጻፈው ብቻ መልስ ስጡ፤ ሙሉ ፋይሉን እንደገና አትላኩ።

- "የኮርስ ዝርዝር አልተሟላም" ካለ፣ የገዛችሁት ግምገማ ዓይነት ስህተት ነው። ያው ድርጅት በልዩነቱ ከፍላችሁ ወደ ኮርስ በኮርስ እንዲያሻሽለው ጠይቁ።
- "ባችለር አይደለም" ካለ፣ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ.ው መካተቱን እዩ። ካልተካተተ አስገብታችሁ አስደግሙ። ተካቶም እንዲያ ካለ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሌላ ድርጅት ሞክሩ።
- "የይዘት ኮርስ ይጎድላል" ካለ፣ መጀመሪያ ሲለበስ ላኩ። ያም ካልሠራ ያንን አንድ ኮርስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ውሰዱ፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካለው አንዱ ካምፓስ አይርቃችሁም።
- "ስም አይመሳሰልም" ካለ፣ ቃለ መሐላውንና የፓስፖርት ኮፒውን ላኩ።

የሁሉንም ወረቀት ስካን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጻፉ። ነገ ወደ ሜሪላንድ ብትዛወሩ የሚጠየቁት አብዛኞቹ እነዚሁ ወረቀቶች ናቸው።